የሶላሩ ወጪ በስንት ዓመት ይመለሳል?

«የሁለት ዓመት የመብራት ቢል አለኝ፣ የሶላር ፕሮፎርማም አመጣሁ። ሰውየው በ7 ዓመት ራሱን ይመልሳል ይላል። እንዴት ላረጋግጥ?»

እኔንም «7 ዓመት» ነበር ያሉኝ። ሱሉልታ ነው የምኖረው። ፕሮፎርማው 360 ሺህ ብር ይላል፦ 2 ኪሎዋት ፓኔል፣ ኢንቨርተርና 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊትየም ባትሪ።

በመጀመሪያ ከቢሎቹ ላይ ብሩን ተወው፤ ኪሎዋት ሰዓቱን ብቻ ደምር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ስለሆነ የአምናው ብር ያሳስትሃል። የእኔ ፍጆታ በዓመት 3,360 ኪሎዋት ሰዓት መጣ። ዋጋውን ከመጨረሻው ቢል ወሰድኩ። የአገልግሎት ክፍያውን ቀንሼ (እሱ ሶላር ቢገባም አይቀርም) የቀረውን ለፍጆታው ሳካፍል ወደ 4.20 ብር ሆነ።

እስቲ አስበው፣ ቢሉ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ የማተርፈው በዓመት 14 ሺህ ብር ገደማ ነው። 360 ሺህን ለ14 ሺህ አካፍል። ከ25 ዓመት በላይ! ታዲያ 7 ዓመቱ ከየት መጣ?

ከጀነሬተሩ ነው። መብራት ሲጠፋ በወር 3,000 ብር ቤንዚን እንደማቃጥል ለሶላር ሻጩ ነግሬው ነበር። እሱም 36 ሺህ ብር የዓመት ቤንዚን ያዘ። ላዩ ላይ ፓኔሉ በቀን 10 ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል ብሎ ሁሉንም በ4.20 አባዛውና 15 ሺህ ጨመረ። በ51 ሺህ ሲያካፍል 7 ወጣ።

ስህተቱ 10 ላይ ነው። እዚህ ሰፈር ከ2 ኪሎዋት ፓኔል በአማካይ 8 ብትጠብቅ ይሻላል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። የሚመነጨው ሁሉ ደግሞ አይቆጠርም። እኔ ጋ ትርፉን የሚገዛኝ የለም፤ ባትሪው ከሞላና ቤት ውስጥ የሚጠቀመው ከሌለ ባክኖ ይቀራል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ቆጣሪዬን ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ እያነበብኩ ጻፍኩ። ቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው የምንጠቀመው። ማታ ከባትሪው ሌላ 3 ይወጣል ብዬ 6 ያዝኩ። ምጣዱን አልቆጠርኩትም፤ ብቻውን 3 ኪሎዋት ተኩል ይስባል፣ ይህ ሲስተም አይችለውም።

6 በ365 ቀን፣ በ4.20 ሲባዛ 9,200 ብር ገደማ ነው። ቤንዚኑም ሙሉ በሙሉ አይቀርም፤ በክረምት መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ይነሳል። 30 ሺህ አልኩ። ድምሩ 39,200 ብር። 360 ሺህ ሲካፈል 9 ዓመት ከትንሽ።

ባትሪው የ10 ዓመት ዋስትና አለው፤ መተኪያው ዛሬ 150 ሺህ ብር ነው። ገንዘቤ በተመለሰ ማግስት ሌላ ወጪ ይጠብቀኛል ማለት ነው። ታሪፉ ሲጨምር ዓመቱ ትንሽ ያጥራል፣ ግን ከድምሩ ሦስት አራተኛው ቤንዚን ስለሆነ ብዙም አይለውጠውም። እና ወንድሜ፣ አንተ ጀነሬተር አለህ? ከሌለህ የቤንዚኑን መስመር ሰርዘህ እንደገና አካፍል።