ለመጀመሪያ ሰዓት ኦቶማቲክ ይሻላል ወይስ ባትሪ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሐይቅ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የመጀመሪያ የእጅ ሰዓቴን ልገዛ ደሴ ወጥቼ ሁለት አይቼ መወሰን አቃተኝ። አንዱ ያገለገለ ኦቶማቲክ ሴይኮ 5 ነው፣ ሌላው አዲስ የባትሪ ሰዓት፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሰዓት በትክክል የሚጠብቀው የትኛው ነው? ወጪ የሚያበዛውስ? ዕድሜው የሚረዝመውና ነገ ብሸጠው ገዢ የሚያገኘውስ የቱ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ለሥራሽ ብቻ ከሆነ የባትሪውን ግዢ። ልብሽ ሴይኮው ላይ ካረፈ ግን ሙሉውን ከመክፈልሽ በፊት በቀብድ ወስደሽ ሁለት ሦስት ቀን ፈትኚው፤ ቢያልፍም እንኳ ዋጋው ላይ የአንድ ሰርቪስ ሒሳብ ደምረሽ ነው ከባትሪው ጋር ማወዳደር ያለብሽ።

የባትሪ ሰዓት ውስጥ ያለችው ኳርትዝ የምትባል ክሪስታል ኤሌክትሪክ ሲያገኛት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ሰርኪዩቱ ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ለሁለት ሲያካፍለው በሰከንድ አንድ ምት ይቀራል፤ ሰከንድ ቆጣሪውን የምታዘልለው ያቺ ምት ናት። ሴይኮ 5 ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 7ኤስ26 የተባለው ማሽን ግን በሰከንድ የሚመታው 6 ጊዜ ነው። የሚመታውም ባላንስ የምንለው ቀለበት እንደ ፀጉር በቀጠነ ጥቅል ስፕሪንግ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ነው። ያን ስፕሪንግ ሙቀት ይነካዋል፣ ማግኔት ይነካዋል፤ የሰዓቱ አቀማመጥና የዘይቱ መድረቅም ባላንሱን ያፈጥኑታል ወይም ያዘገዩታል። ስለዚህ ደህናው የባትሪ ሰዓት በወር 15 ወይም 20 ሰከንድ ሲስት፣ የዚህ ዓይነቱ ኦቶማቲክ በቀን 15 ሰከንድ ቢስት ጥሩ ይዟል ይባላል። በወር ሲደመር ሰባት ደቂቃ ተኩል መሆኑ ነው። በቀን 20 ወይም 30 ሰከንድ ቢስትም ገና ብልሽት አይባልም።

የልብ ምት ለመቁጠር ግን ይሄ ሁሉ ልዩነት ምንም አያመጣብሽም። በቀን 40 ሰከንድ የሚፈጥን ሰዓት እንኳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚስተው የሰከንድን መቶኛ ሦስት እጅ ያህል ነው። ለአንቺ የሚበጀው ሰከንድ ቆጣሪው ረዥምና ከዳያሉ ቀለም የሚለይ፣ የደቂቃ መስመሮቹም የተሟሉ መሆናቸው ነው። ስህተቱ የሚታይሽ ተረኛ ለመቀበል ወይም መኪና ለመያዝ ስትወጪ ነው፤ ኦቶማቲክ ከያዝሽ በየሳምንቱ ከስልክሽ ጋር ማስተካከል ግድ ነው።

አሁን ፈተናው። 7ኤስ26 መሙያው ተስቦም ሰከንድ ቆጣሪውን አያቆምም፣ መሙያውን በማዞርም አይሞላም፤ የሚሞላው በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ቀን አስረሽው ዋዪ። ማታ ሰከንድ ቆጣሪው 12 ላይ ሲያልፍ ስልክሽ ስንት ሰከንድ እንደሚል ጻፊ፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ድገሚው። ልዩነቱ የቀኑ ስህተት ነው። ከዚያ ፍቺውና ዳያሉ ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው፤ ቀኑን ሙሉ የታሰረ ሰዓት 40 ሰዓት አካባቢ መሄድ አለበት። ማታ 2 ሰዓት ላይ የፈታሽው በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ገና ሲሄድ ካገኘሽው መልካም ነው። በማግስቱ ማታ ቆሞ ካገኘሽው ዘይቱ ደርቋል፣ ወይም እጅሽ ሲንቀሳቀስ ውስጡ የሚሽከረከረው ክብደት ኃይል የሚሰጠውን ዋናውን ስፕሪንግ በደንብ አይሞላውም። ሻጩ «እጅሽን ስላላንቀሳቀስሽ ነው» ይልሻል፤ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታገላብጪ የዋልሽ ነርስ ይሄን አትቀበይው።

በቀን ሰከንድ ሳይሆን በሰዓት ደቂቃ የሚፈጥን ከሆነ ብዙውን ጊዜ ማግኔት ይዞታል። የዚያ ቀጭን የባላንስ ስፕሪንግ ጥቅሎች እርስ በርስ ይጣበቁና ስፕሪንጉ ያጠረ ያህል ይሆናል፣ ባላንሱም ይፈጥናል። ኮምፓስ አጠገቡ ስታደርጊ መርፌዋ ከተወዛወዘች ጥርጣሬው ይጠነክራል። ይሄ ግን ዋጋ ለማስቀነስ እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ማግኔት ማውጫ ያለው ሰዓት ሠሪ በደቂቃ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋንና ስፒከር ላይ እንዳታሳድሪው። የባትሪውም ማግኔት ሲጠጋው ሞተሩ ሊቆም ይችላል፤ ሲርቅ ግን መልሶ ይሄዳል፣ አንቺ የምታስተካክዪው የጠፋውን ጊዜ ብቻ ነው።

በእኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚሰበረው የቀን ማሳያው ነው። ሰዓታችንን በአበሻ አቆጣጠር ነው የምንሞላው፤ ቀን የሚቀይሩት ጥርሶች ግን የሚያውቁት እጆቹ 12 ላይ ሲደርሱ መሥራትን ነው። እጆቹ 9 ላይ ሲደርሱ ጥርሶቹ መያያዝ ይጀምራሉ፣ 4 አካባቢ ይላቀቃሉ። መመሪያው ላይ ከምሽት እስከ ሌሊት አትንኩ የሚለው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በአበሻ ሰዓት የተሞላ ሰዓት ላይ ያ አደገኛ ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ረፋዱ 4 ይሆናል። በዚህ መሃል ቀኑን በመሙያው ስትገፊ ጥርስ ይሰበራል ወይም ቀኑ ግማሽ ላይ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው። መሙያውን እስከ መጨረሻው ስበሽ ቀኑ እስኪቀየር እጆቹን ወደፊት አዙሪ፤ ያ የንጋቱ 12 ነው። አልፈሽ እስከ 6 ውሰጃቸው፣ ከዚያ መሙያውን አንድ ደረጃ መልሰሽ ቀኑን አስተካክዪ። በመጨረሻ እንደገና ስበሽ ትክክለኛውን ሰዓት ሙዪ፤ ማታ ከሆነ የምሽቱን 12 ማሳለፍ እንዳትረሺ። የኛ ወር 30 ስለሆነና ሰዓቱ 31 ስለሚቆጥር፣ በዚያ ላይ ጳጉሜን ስላለች፣ በዓመት 13 ጊዜ ትነኪዋለሽ። ቀን ላለው የባትሪ ሰዓትም ሕጉ ይኸው ነው፤ እንዲያውም የርካሾቹ የቀን ጥርስ ፕላስቲክ ስለሚሆን ቶሎ ይላጫል። በግሌ ለመጀመሪያ ሰዓት ቀን የሌለውን እመርጣለሁ።

ወደ ወጪው ስንመጣ፣ 7ኤስ26 በቀን ከ518,000 ጊዜ በላይ ይመታል። ዘይቱ ሲደርቅ ብረት በብረት ይፋጫል፤ ሰዓቱ እየሄደም እየተበላ ነው። ስለዚህ በየአራት አምስት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ በየቦታው የሚገባውን ዘይት ማግኘት አለበት። ማሽኑን ሳይፈቱ ቤንዚን ውስጥ ነክሮ ማውጣት ሰርቪስ አይደለም፤ የቀረውንም ዘይት አጥቦ ይወስደዋል፣ ለጥቂት ወር ፈጥኖ ሄዶ ከዚያ ይቆማል። ሰዓት ሠሪውን «ትፈታዋለህ ወይ? ዘይቱን በምንድን ነው የምታደርገው?» ብለሽ ጠይቂ። ጫፏ እንደ መርፌ የቀጠነች ማድረጊያ ካላሳየሽ ሌላ ቤት ሂጂ።

የባትሪው ወጪ ባትሪ ነው። ለብዙዎቹ ትንንሽ ማሽኖች የሚሆነው 377 የሚባለው የብር ኦክሳይድ ባትሪ ሁለት ሦስት ዓመት ይሄዳል። ተጠንቀቂ፤ ልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ኤጂ4 የሚባል አልካላይን ባትሪ በየሱቁ በርካሽ አለ። እሱ ጉልበቱ ቶሎ ይወርዳል፣ ሲያልቅም ፈሳሽ ያወጣል፤ ያ ፈሳሽ ሰርኪዩቱን ይበላዋል። በብዙ ሰዓቶች ላይ ሰከንድ ቆጣሪው ሁለት ሁለት ሰከንድ መዝለል ከጀመረ ባትሪው እያለቀ ነው ማለት ነው፤ በዚያው ሳምንት አስቀይሪ፣ የቆመውንም ከነባትሪው መሳቢያ ውስጥ አትተዪው። ሲከፈት የጀርባውን ጎማ እንዲያዩልሽ ንገሪያቸው። እጅሽን በየበሽተኛው የምትታጠቢ ሰው ነሽና ያ ጎማ ከደረቀ ውኃ ይገባል፤ ውኃ ደግሞ ኦቶማቲክ ባትሪ አይልም።

ዕድሜን በተመለከተ «ኦቶማቲክ ዘላለም ይኖራል» የሚሉሽን ግማሹን ብቻ እመኚ። የሚኖረው እየተፈታ የተበላው ዕቃ ስለሚቀየርለት ነው። 7ኤስ26 ከ1990ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጅ) ጀምሮ በብዛት ስለተሠራ፣ ዕቃው ከሞተ ሰዓት ተነቅሎም ቢሆን ይገኛል። ስሙ ያልታወቀ ኦቶማቲክ ግን አንዲት ጥርስ ሲሰበር አለቀለት። የባትሪ ማሽን ጥርሶቹ የሚሸከሙት ኃይል ትንሽ ነው፤ ባትሪ ካላፈሰሰበትና ውኃ ካልገባው አሥርና ሃያ ዓመት መሄዱ አይገርምም። የሚሞተው ሰርኪዩቱ ወይም ቀጭኑ የሞተር ሽቦ ሲበጠስ ነው፤ ያኔ መጠገን ሳይሆን ማሽኑን በሙሉ መቀየር ነው የሚረክሰው። እሱም ማሽኑ ከታወቁት ዓይነቶች ከሆነ ነው።

ለመሸጥ ኦቶማቲኩ ይበልጣል፣ ግን ኦርጅናል ከሆነ ነው። ብዙ ያገለገሉ ሴይኮ 5ዎች ዳያላቸው እንደገና የተቀባ ነው። በማጉያ እዪው፤ ጽሑፉ ከወፈረና ጠርዙ ከተጨማለቀ፣ ቀለሙም ከመጠን በላይ ከደመቀ ተጠራጠሪ። ከጀርባው ላይ ከሰረዝ በፊት ያለው ቁጥር የማሽኑ ስም ነው፤ ዳያሉ ግርጌ 6 ቁጥር አጠገብ በደቃቁ ከተጻፈው ጋር መግጠም አለበት። ባለ ስድስት አሃዙ መለያ ቁጥር ደግሞ የመጀመሪያው አሃዝ የተሠራበትን ዓመት መጨረሻ ቁጥር፣ ሁለተኛው ወሩን ይናገራል። በ3 የሚጀምር ከሆነ በፈረንጅ 2003 ወይም 2013 ነው እንጂ ሻጩ እንደሚለው 2018 ሊሆን አይችልም። ስመ ጥር ያልሆነ የባትሪ ሰዓት ግን እጅሽ ላይ ሁለት ዓመት ከቆየ ገዢው የሚሰጥሽ የማሰሪያውን ዋጋ ያህል ነው። ቆሞ ከሆነማ ባትሪ ይሁን ሰርኪዩት ማንም ስለማያውቅ ያንንም አይሰጥሽም፤ ሁልጊዜ አዲስ ባትሪ አስገብተሽ እየሄደ ሽጪው።

ከሴይኮው ሻጭ ጋር ስትነጋገሪ መጀመሪያ «ለመጨረሻ ጊዜ የተፈታው መቼ ነው?» በይው። የማያውቅ ከሆነ እንዳልተፈታ ቁጠሪው፤ ደሴ ሁለት ሰዓት ሠሪዎች ጋ የሙሉ ሰርቪስ ዋጋ ጠይቀሽ አነስተኛውን ከጠየቀሽ ገንዘብ ላይ ቀንሺ። በዚያ ዋጋ እሺ ካለ ያዢው፤ እምቢ ካለ የባትሪውን አሳስረሽ ወደ ሐይቅ ውረጂ።