«በጣም ጥሩ» የሚለውን ቃል ከባዮአችሁ አውጡት

ውድ ልጆች፣

ባሕር ዳር ላይ ለመረጃ ሰብሳቢነት ወይም ለፕሮጀክት ሥራ የሚገቡ ማመልከቻዎች የቋንቋ መስመራቸው አንድ ዓይነት ነው፦ «አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አዊኛ፣ ኦሮምኛ፤ በጣም ጥሩ»። አራት ቋንቋ፣ አንድ ማርክ። ቀጣሪው ግን ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው። ይህን ሰው በየትኛው ቋንቋ፣ ምን እንዲሠራ ልልከው እችላለሁ? ያ መስመር ለዚህ መልስ ስለሌለው ይዘለላል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አመልካቿ ከእንጅባራ አካባቢ የመጣች የጤና ምሩቅ ናት እንበል። ሥራው በአዊ ዞን ገጠር ቀበሌዎች ስለ ሕፃናት ጤና እናቶችን መጠየቅ ነው። አዊኛ የአፍ መፍቻዋ ሆኖ ሳለ ሦስተኛ ላይ ጻፈችው፤ የቤት ቋንቋ ሙያ አይመስላትማ። እዚህ ሥራ ላይ ግን ከሌሎች አመልካቾች የሚለያት እሱ ነው።

እንዲህ ያለ መጠይቅ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል። አንድ ሰው ወደ አዊኛ ይመልሰዋል፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ከአዊኛው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉመዋል። ከዚያ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ጎን ለጎን ይነበባሉ። ዋናው «ልጁ ባለፉት 2 ሳምንታት ተቅማጥ ይዞት ነበር?» ብሎ፣ የተመለሰው «ሰሞኑን ሆዱን አሞት ነበር?» ካለ ጊዜውም በሽታውም መንገድ ላይ ጠፍተዋል፤ ጥያቄው እንደገና ይተረጎማል። ቀበሌ ወርዶ እናቲቱን መጠየቅ ደግሞ ጆሮና አንደበት እንጂ ብዕር አይፈልግም። ስለዚህ «አዊኛ እችላለሁ» ማለት ብቻውን ከሦስቱ ሥራ የትኛውን እንደምትችሉ አይናገርም።

በቤቱ አዊኛ እየተናገረ በአማርኛ የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ አዊኛ መጻፍ ይከብደዋል። ፊደሉ የግዕዝ ቢሆንም ቋንቋው አማርኛ የሌለው ድምፅ አለው። ራሳችሁን ለመፈተን ስለ ልጅ ትኩሳት ግማሽ ገጽ በአዊኛ ጻፉና ቋንቋውን ለሚያስተምር ሰው ስጡት። ጮክ ብሎ ሲያነብ የሚደናቀፍ ከሆነ ለጽሑፍ ትርጉም ሥራ ገና አልደረሳችሁም፤ ቃለ መጠይቁን ግን ያለ ስጋት ልትጠይቁ ትችላላችሁ።

እዚህ ከተማ የማይረሳ ሌላም አለ፤ ግዕዝ። ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ንባብ ለብቻ፣ ትርጓሜ ለብቻ መሆኑን ያውቃል። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕል ላይ ያለውን ጽሑፍ ለጎብኚ የሚያነብ አስጎብኚ ትርጉሙን ሲጠየቅ ዝም ካለ፣ ባዮው ላይ መጻፍ የነበረበት «ግዕዝ አነባለሁ» ነበር እንጂ «ግዕዝ አውቃለሁ» አልነበረም። ይህን ልዩነት ወደ ሌሎቹ ቋንቋዎችም ውሰዱት።

የምሩቋ መስመር ታርሞ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አዊኛ (የአፍ መፍቻ)፦ በገጠር ቀበሌ 40 እናቶችን በአዊኛ ጠይቄ መልሱን በአማርኛ መዝግቤያለሁ፤ ጽሑፉን በመለማመድ ላይ ነኝ። አማርኛ፦ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ስልጠና እሰጣለሁ። እንግሊዝኛ፦ የሙያ ጽሑፍ አነባለሁ፤ ንግግር B1። ኦሮምኛ፦ ሰላምታና የገበያ ንግግር ብቻ።»

B1 ከA1 እስከ C2 ያሉት የስድስቱ የአውሮፓ ደረጃዎች ሦስተኛው ነው፤ በለመዱት ጉዳይ መግባባት ማለት ነው። ፈተና ካልተፈተናችሁ «በራሴ ግምት» የሚል ጨምሩበት። ቁጥሩ ደግሞ ከትዝታ አይወጣም። ደብተር ይዛችሁ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቋንቋውን፣ የሠራችሁትንና ሊመሰክርላችሁ የሚችለውን ሰው ጻፉ። የተጠያቂዎቹን ስም ግን ባዮውም ላይ ሆነ እዚያ ደብተር ላይ አታስፍሩ።

የኦሮምኛውን መስመር «ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እኔ ባይወጣ እመርጣለሁ፤ ደካማውን ደካማ ብሎ የጻፈ ሰው ጠንካራውንም ያምኑታል። የተጋነነ ነገር የሚወድቀው የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ነው፦ ጠያቂው በመሃል ቋንቋ ይቀይርና «ያለፈ ሥራሽን በዚህ ንገሪን» ይላል። በጻፋችሁት በእያንዳንዱ ቋንቋ ስለ ሥራችሁ ሁለት ደቂቃ ተናግራችሁ በስልክ ቅዱ። በየመሃሉ ወደ አማርኛ የምትሸሹ ከሆነ ደረጃውን አንድ ዝቅ አድርጉ።

ቅደም ተከተሉም እንደ ሥራው ይቀያየራል። ይኸው ባዮ ጣና ዳር ላለ ሆቴል ሲገባ እንግሊዝኛው ወደ ላይ ይወጣል፣ አዊኛው ወደ ታች ይወርዳል፤ የ40ዎቹ እናቶች ነገርም በአንድ ሐረግ ያጥራል። ዓመታት ሳትናገሩት የቆያችሁት ቋንቋ ካለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራችሁበትን ዓመት ከጎኑ አስቀምጡ።