6 ሺው ብር እጅ ላይ ሲደርስ ስንት ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አንድ ባንክ 20 ሺ፣ አንድ አስመጪ ድርጅት ደግሞ 26 ሺ ብር የወር ደሞዝ አቀረቡልኝ። ቤቴ አያት ነው፣ ባንኩ ሰርቪስ አለው፣ የአስመጪው ቢሮ ለቡ ነው ሰርቪስም የለውም። ቤተሰብ በሙሉ 26ቱን ያዢ እያለኝ ነው።

እህቴ ወረቀቱ ላይ ያለውን ተይውና እጅሽ የሚገባውን እናስላ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የግብር ሰንጠረዥ ከ14 ሺ በላይ ባለው ደሞዝ ላይ 35 በመቶ ይቆረጣል፣ ለጡረታ ደግሞ ካንቺ 7 በመቶ። ሁለቱንም መነሻ ደሞዝ ነው ብለን እንያዘውና ከባንኩ 20 ሺ ግብር 4,950 ጡረታ 1,400 ሲወጣ 13,650 ይቀርሻል፣ ከአስመጪው 26 ሺ ደግሞ 17,130። እንግዲህ 6 ሺ ያልሽው ልዩነት 3,480 ሆነ ማለት ነው።

አሁን ታክሲውን ጨምሪበት። ደርሶ መልስ በቀን 120 ብር ቢወጣብሽ በ22 ቀን 2,640 ነው፣ የሚተርፍሽ 840 ብር። ለዛች 840 ብር ነው እንግዲህ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር በየቀኑ የምታቋርጪው። ግን የኔን ግምት አትመኚ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት 12:30 ላይ ከቤትሽ ውጪና ለቡ ድረሺ፣ ማታ 11:30 ላይ ደግሞ ከዛ ተነሺ፣ ሰልፉንም ሂሳቡንም ሰዓቱንም ጻፊው። ባንኩንም ቅዳሜ ሰርቪሱ ይሰራል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

የባንክ ትልቁ ነገር ግን የሰራተኛ ብድር ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ነው የሚፈቀደው፣ ስራ ብለቅ ወለዱ ወደ ስንት ይቀየራል በያቸው፣ ምክንያቱም በዝቅተኛ ወለድ ቤት ገዝቶ ሲለቅ ወለዱ የገበያ ሆኖበት መውጫ ያጣ ሰው አውቃለሁ። ቦነሱን ደሞ ሂሳብ ውስጥ አታስገቢው፣ ትርፍ ሲኖር የሚመጣ ነገር ነው። አስመጪውን የምትጠይቂው አንድ ነገር፣ ከ26 ሺው መነሻ ደሞዙ ስንት ነው? ቀጣሪው የሚጨምርልሽ 11 በመቶ ጡረታ የሚሰላው በመነሻው ላይ ነው፣ መነሻው 12 ሺ ሆኖ ቀሪው አበል ከሆነ ጡረታሽ በ12 ሺ ነው የሚጠራቀመው።

እኔ ብሆን ባንኩን ነበር የምይዘው።

ጥያቄ፦ ቋሚ ነኝ፣ 28 ሺ ይከፈለኛል። አንድ ኤንጂኦ በአንድ ዓመት ኮንትራት 45 ሺ እንሰጥሃለን አለኝ። ልልቀቅ?

ወንድሜ የ17 ሺው ልዩነት ከግብርና ከጡረታ በኋላ በወር 9,860 ነው፣ በዓመት 118,320። አሁን በወር እጅህ የሚገባው 18,290 ስለሆነ የዓመቱ ትርፍህ የስድስት ወር ተኩል ደሞዝህን ያህላል። ስለዚህ ኮንትራቱ ባይታደስና ከስድስት ወር ተኩል በላይ ስራ ፈትተህ ብትቀመጥ ከስረሃል፣ በሁለት በሶስት ወር ሌላ አገኛለሁ የምትል ሙያ ላይ ከሆንክ ግን አትርፈሃል። ይሄን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ቃለ መጠይቅ ላይ ፕሮጀክቱ መቼ ነው የሚዘጋው በላቸው፣ ሊዘጋ ዓመት የማይቀረው ፕሮጀክት ላይ "ይታደሳል" የሚል ቃል አይያዝም።

የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የስራ ቀን ነው፣ እዛ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ። እባክህ የተፈረመ ደብዳቤ ሳትይዝ መልቀቂያ አታስገባ። እኔ "ደብዳቤው ሰኞ ይደርስሃል" ተብዬ አርብ ዕለት መልቀቂያ አስገብቼ ሰኞ "በጀቱ ታጠፈ" ተባልኩ፣ አራት ወር ቤት ተቀመጥኩ፣ የቤት ኪራይ ታናሽ ወንድሜ ነበር የከፈለልኝ።

ጥያቄ፦ ከሁለት ድርጅት ኦፈር አለኝ፣ የአንዱ ኦፈር ሌተር ላይ ጡረታ፣ 16 ቀን የዓመት ፈቃድ፣ የ4 ወር የወሊድ ፈቃድ ብሎ ዘርዝሯል። ጥሩ ጥቅማጥቅም ነው አይደል?

እነዚህ ሁሉ እኮ ሕጉ የሚያስገድዳቸው ናቸው፣ በአዋጅ 1156/2011 ፈቃዱ ከ16 የስራ ቀን አያንስም፣ ወሊዱም 30 እና 90 የስራ ቀን ነው፣ ሌላኛውም ድርጅት መስጠት አለበት። ስለዚህ ከሁለቱም ሰርዢያቸውና ትርፉን ብቻ አወዳድሪ። ህክምና ካለ ባልና ልጅ ይጨምራል ወይ፣ የዓመት ጣሪያው ስንት ነው፣ ሆስፒታሉ በቀጥታ ያስተናግዳል ወይስ ከኪስ ከፍሎ ደረሰኝ ማስገባት ነው? ልጅ ሌሊት ሲታመም የመጨረሻዋ ጥያቄ ትከብዳለች።

ጥያቄ፦ አንዱ "ማናጀር" ሌላው "ኦፊሰር" ነው የሚለኝ፣ ክፍያው እኩል ነው። ለእድገት የቱ ይሻላል?

ከኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ሰው የት ሄደ ብለህ ጠይቅ። እዛው አድጎ ከሆነ መንገድ አለ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሶስት ሰው ተቀያይሮበት ከሆነ ደግሞ ማናጀር ተብለህ ብቻህን ልትቀመጥ ነው። በስርህ ስንት ሰው እንዳለም አጣራ፣ ማንም ከሌለ የማናጀርነት ልምድ ብለህ ሲቪህ ላይ የምትጽፈው ነገር አይኖርህም።