ለርዕሰ መምህሩ የሚቀርብ የምረቃ ቪዲዮና አልበም ፕሮፖዛል

ጥያቄ፦ «ሰላም ለግሩፑ። ፍኖተ ሰላም ላይ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ምረቃ እቀርጻለሁ፤ ዘንድሮ 84 ተመራቂ አለ። ርዕሰ መምህሩ "ያምናው ፎቶም ቪዲዮም ደብዛዛ ነው፣ የተሻለ ነገር ካለህ በጽሑፍ አምጣ" አሉኝ። ካሜራዬን ልቀይር ነው፤ ፕሮፖዛሉ ላይ ምን ልጻፍ?»

ወንድሜ፣ የካሜራውን ስም ፕሮፖዛሉ ላይ አትጻፍ፤ ለርዕሰ መምህሩ ምንም አይነግራቸውም። መጀመሪያ ያምናውን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ከፍተህ አጉላና ለምን እንደደበዘዘ ለይ። የጀርባው ባነር ጽሑፍ ጥርት ብሎ ፊቱ ብቻ ከደበዘዘ ፎከሱ ባነሩን ይዞታል ማለት ነው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትቶ ድርብ ከሆነ ካሜራው ተንቀጥቅጧል። ፊቱ ደህና ሆኖ ሰርተፍኬት የሚቀበለው እጅ ብቻ ከተጎተተ ሹተሩ ዘግይቷል። በየቦታው አሸዋ የተበተነ ከመሰለ ደግሞ ብርሃኑ አንሶ ISO ከልክ በላይ ወጥቷል። የሰኔ መጨረሻና የሐምሌ ምረቃ በእኛ አገር ደመናና ድንኳን ስላለው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ካሜራው በአውቶ ሲተው ብርሃን ፍለጋ ሹተሩን ወደ 1/60 ያወርደዋል፤ የሚራመድ ልጅ ደግሞ ቢያንስ 1/250 ይፈልጋል። ይህን ሳታስተካክል አዲስ ካሜራ ብትገዛ ያው ድብዝዝ በትልቅ ፋይል ይወጣልሃል።

ስለዚህ የፕሮፖዛሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አትም፦ ያምናውን፣ እና እዚያው ግቢ፣ በዚያው ዓይነት ድንኳን ሥር አሁን ያነሳኸውን። ከሥሩ «ያምናው የደበዘዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዘንድሮ እንዲህ እናደርጋለን» የሚል አንድ አንቀጽ ይበቃል። መድረኩ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት መብራት እንደምትተክል ጻፍ። ሰማያዊ ድንኳን ፊትን ሰማያዊ ስለሚያደርግ ከመድረኩ በላይ ያለው ሸራ ነጭ እንዲሆን ከወዲሁ ጠይቅ።

የጋራ ፎቶው ላይ ግን ረጋ በል፤ ወላጅ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው እሱን ነው። 84 ልጅ በአራት ረድፍ ሲቆም በረድፍ 21 ይሆናል። ጋውን ለብሰው አንዱ ግማሽ ሜትር ይይዛል፤ የግራ ቀኙ ክፍት ቦታ ሲጨመር 12 ሜትር ስፋት ነው። ያ በ30 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ሲታተም አንድ ፊት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ የምስር ፍሬ ያህል። ይህን የትኛውም ካሜራ አያድነውም። ልጆቹን በሴክሽን ለሁለት ክፈላቸው፦ 42 ልጅ በአራት ረድፍ ስድስት ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል፣ ፊቱም ሽምብራ ያክላል። አልበሙ ሲዘረጋ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ፎቶው በሁለቱ ገጽ ላይ ከተዘረጋ ደግሞ ፊቱ 15 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ያኔ እናት ልጇን ሳትፈልግ ታገኛለች። መሀል ላይ ግን ማጠፊያው ያለበትን ቦታ ክፍት ተው፤ አለበለዚያ አንድ ልጅ ለሁለት ይታጠፋል፣ የሱ ወላጅ ደግሞ አይለቅህም።

አሰላለፉም ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይግባ፣ ምክንያቱም ዕቃው የትምህርት ቤቱ ነው፦ የፊተኛው ረድፍ መሬት ላይ፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ ሦስተኛው ቆሞ፣ አራተኛው አግዳሚ ላይ። ሌንሱን f/8 ላይ አድርገህ ፎከሱን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያዝ። ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጉ በላቸው፤ ወደ ግንባር ከወረደ ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል።

ከርዕሰ መምህሩ የምትጠይቀው ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ግን አፍሮ አይጽፈውም። ሰርተፍኬቱን የሚሰጡት እሳቸው ናቸውና ከተማሪው ጋር ሆነው ወደ ካሜራው ሦስት ሰከንድ ቆም ይበሉ። ሰርተፍኬቱን አልፎ አልፎ ፊት ላይ ያደርጉታል፤ ደረት ላይ ይሁን። ለአንድ ልጅ 20 ሰከንድ ቢሰጥ 84ቱ በ28 ደቂቃ ያልቃሉ፤ ይህን ስሌት ስታሳያቸው ፕሮግራሙ እንዳይረዝም የሚፈሩት ስጋት ይቀራል። ከመድረኩ ፊት ደግሞ ሁለት ሜትር በገመድ ይታጠር፤ ስልክ ይዞ የሚንደረደር ወላጅ የራሱን ልጅ ብቻ አይደለም የሚሸፍነው።

ቪዲዮው ላይ «በፎርኬ እንቀርጻለን» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ዋናው ወላጁ ቤት መታየቱ ነው። በፎርኬ ቅረጽ፣ የምታስረክበው ግን 1920×1080፣ MP4፣ H.264 ይሁን፤ አዳዲሶቹን ቅርጸቶች አሮጌ ቴሌቪዥን አይከፍትም። በ8 ሜጋቢት ሲወጣ አንድ ሰዓቱ 3.6 ጊጋባይት ይሆናል። ብዙ ቴሌቪዥኖች የሚያነቡት FAT32 ፍላሽ ዲስክ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ «ፍላሹ ባዶ ነው፣ ቪዲዮው አልገለበጥ አለ» የሚባለው በዚህ ነው። የሁለት ሰዓቱን ፕሮግራም ግማሽ ግማሽ ሰዓት አድርገህ በአራት ክፈለው፤ እያንዳንዱ 1.8 ጊጋባይት ስለሚሆን በቴሌግራምም በፋይል መልክ ያልፋል። ቪዲዮውን በ25 ፍሬም፣ ሹተሩን በ1/50 አድርግ፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከሱ ጋር የማይገጥም ፍጥነት የአምፖሉን ብርሃን ያርገበግበዋል። ድምፁን ከሚክሰሩ በገመድ ውሰድ፣ ሁለተኛ መቅጃ ደግሞ ስፒከሩ አጠገብ ይቀመጥ። ጄኔሬተር ሲቀየር ሚክሰሩ ይጠፋል፣ ሁለተኛው ግን አይቋረጥም።

ለአልበሙ ስም ዝርዝር ከክፍል ኃላፊ መምህሩ ውሰድና እያንዳንዱ ተማሪ ስሙ አጠገብ ይፈርም። «ፀሐይ»ና «ጸሐይ»፣ «ኃይሉ»ና «ሀይሉ» ከታተመ በኋላ ነው የሚያጣሉት። ገጾቹን ወደ ማተሚያ የምትልካቸው በ300 ዲፒአይ JPEG አድርገህ ነው፤ ጽሑፉን ወደ ምስል ሳትለውጥ ከላክኸውና እነሱ ጋር ያንተ ፎንት ከሌለ ስሙ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

ዋጋውን ስታሰላ የቪዲዮውን ወጪ ለ84 አታካፍል። ለምሳሌ ወጪው 30,000 ብር ቢሆን ለ84 ሲካፈል 357 ብር ይመጣል፤ 50 ልጅ ብቻ ከከፈለ ግን ኪሳራው ያንተ ነው። በ50 አካፍለህ 600 ብር ጻፍ፣ ከዚያ በላይ ከተመዘገበ ዋጋው ምን ያህል እንደሚቀንስም አብረህ አስቀምጥ። አልበምና ቪዲዮ ለየብቻ ይመረጡ። ግማሹ ቅድሚያ ይከፈል፣ ደረሰኙ ለማን እንደሚቆረጥም ይወሰን፦ ትምህርት ቤቱ ነው የሚሰበስበው ወይስ አንተ? የልጆቹን ፎቶ ለራስህ ማስታወቂያ የምትጠቀም ከሆነ የወላጅ ፈቃድ የሚፈረምበት መስመር ምዝገባው ቅጽ ላይ ይኑር።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ወረቀቱ ከሚያዝያው የወላጆች ስብሰባ በፊት እሳቸው እጅ ይግባ፣ ገንዘቡ የሚወሰነው እዚያ ነውና። የማስረከቢያውንም ቀን ቁረጠው። ከምረቃ በኋላ ተማሪው ወደየገጠሩ ይበተናል፤ ፍላሽ ዲስኩን በሁለት ሳምንት አስረክብና አልበሙን የነሐሴ መጨረሻ ምዝገባ ላይ፣ ቀሪው ክፍያ እዚያው ሲፈጸም አድርገው። ዋናውን ፋይል እስከ ጥቅምት 30 በሁለት ሃርድ ዲስክ እንደምታቆይም ጻፍ፤ ፍላሹ የጠፋበት ወላጅ መስከረም ላይ መምጣቱ አይቀርም።