ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ለሲኒየር ስትደውሉ

ኢንተርን ለምትሆኑ ልጆቼ፣

በሽተኛውን ከማከም ይልቅ የሚያስፈራችሁ በእኩለ ሌሊት ሲኒየር ሐኪም መቀስቀስ እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ የምቀሰቀሰው እኔ ስለሆንኩ፣ በእኔ በኩል ምን እንደሚሰማ ልንገራችሁ።

«ሃሎ ዶክተር፣ እንደምን አመሹ? በጣም ይቅርታ በዚህ ሰዓት… አንዲት እናት ጠዋት መጥታ ነበር፣ ሁለተኛ ልጇ ነው… አሁን ትንሽ ደም እየፈሰሳት ነው።» ከእንቅልፉ የባነነ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚይዘው «ትንሽ» የምትለዋን ነው። ደዋዩ አልዋሸም፤ ይሉኝታ ይዞት ትልቁን ሰው ላለማስደንገጥ ሲል ደሙን አሳነሰው።

ያንኑ ጉዳይ እንዲህ በሉት፦ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ከማዋለጃ ክፍል ኢንተርኑ ነኝ። ከወለደች አንድ ሰዓት የሆናት እናት ብዙ ደም እየፈሰሳት ነው፤ እንዲመጡልን ነው የደወልኩት። ሬዚደንቱ ኦፕሬሽን ላይ ነው። ወደ አንድ ሊትር ፈሷታል፣ ግፊቷ 80 በ50፣ የልብ ምቷ 130 ነው። ማህፀኗ አልጠነከረም፤ እያሸነው ነው። ኦክሲቶሲንና ትራኔክሳሚክ አሲድ ሰጥተናል፣ በሁለት መስመር ፈሳሽ እየገባላት ነው፣ ደም ጠይቀናል። ኦፕሬሽን ክፍሉን ላስዘጋጅ?»

ይህ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አንቱታው አልቀረም፣ ይቅርታውም አንዴ ተብሏል። ልመናው ከቁጥሮቹ በፊት መምጣቱን ልብ በሉ፤ ሲኒየሩ ምን እንደምትፈልጉ ካወቀ ቁጥሩን የሚያዳምጠው ልብሱን እየለበሰ ነው። ሬዚደንቱ የት እንዳለ ካልነገራችሁት ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ይሆናል።

ከመደወላችሁ በፊት ካርዷን ያዙ፣ ምቷን ራሳችሁ ቁጠሩ፣ አንሶላውንም ገልጣችሁ እዩ። በጨርቅና በፍራሽ የገባ ደም በዓይን ሲገመት ብዙ ጊዜ ያንሳል። ወጣት እናት ብዙ ደም ፈሷትም ግፊቷ ለጊዜው ደህና ሊመስል ይችላል፤ ቀድሞ የሚፈጥነው የልብ ምቷ ነው። ስለዚህ ግፊቱን ብቻ ተናግራችሁ ሲኒየሩን አታዘናጉት።

«ለዚህ ነው የቀሰቀስከኝ?» የሚል አይጠፋም። (የሚገርመው፣ ጠዋት ራውንድ ላይ ብዙዎቹ ረስተውታል።) ድምፃችሁን ሳታነሱ ያንኑ ቁጥር ድገሙና «ምቷ ስንት ሲደርስ ልደውልልዎ?» ብላችሁ ጠይቁ። መድኃኒት ካዘዘ መጠኑን መልሳችሁ ንገሩት፤ የደወላችሁበትን ሰዓትና የተባላችሁትን ካርዱ ላይ ጻፉ። ስልኩን ካላነሳ ጠዋትን አትጠብቁ፣ ተረኛ ከሆኑት ወደ ቀጣዩ ደውሉ።

ሕመሙን መለየት አቅቷችሁ ከሆነም አትፈሩ። «ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ከነበረችበት ብሶባታል» ብላችሁ ብትደውሉልኝ፣ ለመነሳት ይበቃኛል።