«0.28 ወጣልኝ» ላሉት ጠያቂ፦ ለቀያሪው ማንነቱን የነገረ ሞዴል ዳኛ አይሁን

ጥያቄው፦ «በ`inswapper_128` የፊት ቅየራ ሠርቼ፣ ውጤቱ ከሶርስ ፎቶው ጋር ያለውን የኮሳይን ርቀት በ`buffalo_l` ስለካው 0.28 ወጣልኝ። ገደቡ 0.68 ነው ሲባል አንብቤያለሁ። ይመስላል ብዬ ለደንበኛዬ ባስረክብ ችግር አለው?»

አያስረክቡ። እኔ 0.24 ይዤ አስረክቤ ሥራው ተመልሶብኛል፤ የሦስት ሳምንት ድካሜም ያለ ክፍያ ቀርቷል። ልኬቱ ራሱ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትኩት በምን እንደምለካና ከምን ጋር እንደማወዳድር ባለማሰቤ ነው። የእርስዎም ሁኔታ ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት መስሎ ስለታየኝ የደረሰብኝን በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

1ኛ. ዳኛውን ይቀይሩ። የሚጠቀሙበት ቀያሪ የሶርሱን ፎቶ እንደ ፎቶ አያየውም። `buffalo_l` ውስጥ ያለው፣ በአርክፌስ ዘዴ የሠለጠነ የፊት መለያ ሞዴል ፎቶውን ወደ 512 ቁጥሮች ኢምቤዲንግ ይለውጠዋል፤ ቀያሪው ስለ ሰውየው ማንነት የሚነገረው ይኸው የቁጥሮች ረድፍ ብቻ ነው። የዚህ ዓይነት ቀያሪዎች ሲሠለጥኑም በአብዛኛው ከሚቀጡባቸው ስሕተቶች አንዱ፣ የውጤቱ ኢምቤዲንግ ከተሰጣቸው ኢምቤዲንግ መራቁ ነው። ስለዚህ በዚያው ሞዴል መልሰው ሲለኩ፣ ቀያሪው ለመቀነስ የተሠራበትን ርቀት ነው የሚለኩት። ፈተናውን ያወጣው፣ መልሱን የነገረውና ወረቀቱን ያረመው አንድ ሰው ከሆነ፣ ከፍተኛ ውጤት መምጣቱ ስለ ተማሪው ዕውቀት ብዙም አይነግረንም። የፊት ቅየራ ጥናቶችም ይህን ያውቁታል፤ ፌስሺፍተር የተባለው ሥራ ማንነቱን የወሰደው ከአርክፌስ ቢሆንም፣ ውጤቱ የማን ፊት እንደሆነ ሲፈተን የተለካው ሌላ የፊት መለያ ሞዴል በሆነው በኮስፌስ ነበር።

2ኛ. ለቀያሪው ከሰጡት ፎቶ ጋር አይለኩ። ይህን በአንድ አንቀጽ ልገልጸው አስቤ ነበር፤ ግን ታሪኩን ሳልናገር ክብደቱ አይታይም።

ሥራው የአራት ደቂቃ ትዕይንት ነበር። ባለፊቷ ተዋናይት ታማ መምጣት ስላልቻለች በጽሑፍ ፈቅዳ፣ ሌላ ሴት ተተክታ ትጫወታለች፤ እኔ ፊቱን እቀይራለሁ። አንድ ጥሩ የስቱዲዮ ፎቶ ተሰጠኝ፤ ቀየርኩ፤ ምስሉን አጥርቶ የሚያድሰውን የፊት ማደሻ ሞዴል በሙሉ ኃይሉ አስኬድኩበት። ከዚያም ከየሰከንዱ አንድ ፍሬም ወስጄ በ240 ፍሬሞች ላይ ከስቱዲዮው ፎቶ ጋር ያለውን ርቀት ለካሁ። የመካከለኛው ዋጋ 0.24 ሆነ። እንደ እርስዎ 0.68ን አስቤ፣ ከገደቡ እጅግ በታች ነው ብዬ በሪፖርቱ ላይ በደማቁ ጻፍኩት። የደንበኛው የጥራት ተቆጣጣሪ በአንድ መስመር መለሰልኝ፦ «ቁጥርህን ለራስህ ያዘው፤ ይህች ሌላ ሴት ናት።» የቱ ፍሬም፣ የቱ የፊት ክፍል ብዬ ብጠይቅ መልስ አላገኘሁም። በትሕትና የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሳይከፈቱ ቀሩ፤ ይህ ዛሬም ያሳዝነኛል፤ ስሕተቱን ቢያሳየኝ በሁለት ቀን አስተካክለው ነበር።

ሰውየው ግን ልክ ነበር። ይህን ያወቅሁት ትዕይንቱን ለተዋናይቷ እህት ባሳየኋት ጊዜ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አይታ፣ «ዓይኗ የእሷ ነው፤ ሴትዮዋ ግን እሷ አይደለችም» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ነው ተዋናይቷን በተለያየ ጊዜና ብርሃን የተነሣቻቸውን ሌሎች 11 ፎቶዎች የጠየቅኋት።

መጀመሪያ ያደረግሁት እነዚህን ፎቶዎች እርስ በርሳቸው መለካት ነበር። ከ11 ፎቶ 55 ጥንዶች ይወጣሉ። በ`buffalo_l` የእነዚህ ጥንዶች መካከለኛ ርቀት 0.38 ሆነ። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡበት። ሴትዮዋ ከራሷ ጋር 0.38 ትራራቃለች፤ የእኔ ቅየራ ግን ከስቱዲዮው ፎቶ ጋር 0.24 ብቻ ነው። የተሠራ ፊት ከባለቤቱ በላይ ባለቤቱን ሊመስል አይችልም። እንዲህ ያለ ውጤት ሲያዩ መሣሪያው ማንነትን ሳይሆን የፎቶውን ቅጂ እየለካ መሆኑን ይወቁ። ኢምቤዲንግ ምንም እንኳ ማንነትን ብቻ እንዲይዝ ቢሠለጥንም፣ ከፈገግታው፣ ከአንገቱ አቀማመጥና ከብርሃኑ ጥቂት ጥቂት ይዞ ይቀራል፤ ቀያሪውም ያንኑ ይወስዳል።

ቀጥሎ ሌላ ዳኛ አመጣሁ። የመረጥኩት በቪጂጂፌስ2 የፊት ፎቶዎች ስብስብ የሠለጠነውን ፌስኔት የተባለ የፊት መለያ ሞዴል ነው፤ ምክንያቱም የሠለጠነበት መረጃም፣ የሥልጠናው ዘዴም፣ ፊቱን የሚቆርጥበት መንገድም ይለያል። አርክፌስ ፊቱን በአምስት ነጥቦች አስተካክሎ 112 በ112 አድርጎ ጠበብ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ እኔ የተጠቀምኩበት ፌስኔት ግን 160 በ160 ነው፤ ሰፋ አድርጌ ስቆርጥለትም ከመንጋጋውና ከግንባሩ የበለጠ ያያል። ስሌቱ ቀላል ነው፦

```python
# s: የቅየራ ፍሬሞች፣ r: የባለፊቷ ሌሎች ፎቶዎች
s = s / np.linalg.norm(s, axis=1, keepdims=True)
r = r / np.linalg.norm(r, axis=1, keepdims=True)
d = 1 - s @ r.T
print(np.median(d), np.percentile(d, 90))
```

እያንዳንዱን ኢምቤዲንግ በርዝመቱ ማካፈሉን አይዝለሉት። `buffalo_l` በሚመጣበት ላይብረሪ በኢንሳይትፌስ `embedding` የሚለው ያልተካፈለው ነው፤ የተካፈለው `normed_embedding` ነው። ሌሎች የሚጽፉትን ገደብ ሲያነቡም የትኛው ርቀት እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ለምሳሌ ዲሊብ የተባለው ላይብረሪ የሚጠቀምበት 0.6 የዩክሊድ ርቀት ነው። ለተካፈሉ ቬክተሮች የዩክሊድ ርቀት ካሬ የኮሳይን ርቀት እጥፍ ስለሆነ፣ ሁለቱን ማደባለቅ ውጤቱን ከሥሩ ያበላሸዋል።

በፌስኔት የተገኘው ይህ ነው። የባለፊቷ ፎቶዎች እርስ በርሳቸው 0.27፤ ቅየራው ከእነዚያ ፎቶዎች ጋር 0.52፤ ቅየራው ከተተኪዋ እውነተኛ ፎቶዎች ጋር 0.44፤ ሁለቱ ሴቶች ያለ ምንም ቅየራ 0.81። በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። የሠራሁት ፊት በሁለቱ ሴቶች መካከል ቆሞ ነበር፤ እንዲያውም ወደ ተተኪዋ ያደላ ነበር። እህቷ ያለችውን ቁጥሩም አለው።

እርስዎ ስለ ገደብ ጠይቀዋል፤ እኔ ከዚያ ወዲህ የምመለከተው እነዚህን አራት ቁጥሮች ነው። 0.68 የተመረጠው ሁለት እውነተኛ ፎቶዎች የአንድ ሰው ናቸው ወይስ የሁለት ለሚለው ጥያቄ ነው። ለቅየራ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ውጤቱ ሰውየው ከራሱ ጋር ወደሚኖረው ርቀት ምን ያህል ቀርቧል፣ ከተተኪውስ ምን ያህል ርቋል? ይህ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ስለሆነ ከሌላ ሰው ሥራ ላይ ተቀድቶ አይመጣም።

ከዚያ ማስተካከል ጀመርኩ፤ በዚህኛው ክፍል እኮራለሁ። በመጀመሪያ የፊት ማደሻውን አጠፋሁት፤ 0.52 የነበረው ወደ 0.46 ወረደ። ማደሻው የጠፋውን ዝርዝር የሚሞላው ከብዙ ሰዎች ፊት በተማረው ነው፤ ቆዳውን ሲያሳምር የሰውየውን ልዩ ምልክት ያለዝበዋል። ቀያሪው የሚያወጣው 128 በ128 ስለሆነ ያለ ማደሻ ብዥ ይላል፤ ስለዚህ በመጨረሻ በትንሹ መልሼ አስገባሁት። ሁለተኛ፣ በአንድ ፎቶ ፋንታ የስድስት ፎቶዎችን የተካፈሉ ኢምቤዲንጎች አማካይ ወስጄ፣ አማካዩን እንደገና በርዝመቱ አካፍዬ ለቀያሪው ሰጠሁት፤ ለዳኝነት ደግሞ የቀሩትን ብቻ አስቀረሁ። ወደ 0.42 ደረሰ። ሦስተኛ፣ የተቀየረው ፊት ከዋናው ምስል ጋር የሚዋሐድበትን ጭምብል እስከ መንጋጋው ጠርዝ አሰፋሁት፤ ከባለፊቷ 0.38፣ ከተተኪዋ 0.60 ሆነ። በ`buffalo_l` የሚለካው ርቀት በዚህ ሁሉ ጊዜ ከ0.24 ወደ 0.31 ከፍ ብሎ ነበር። በቀድሞው ዳኛዬ ብመራ ኖሮ ሥራው ሲሻሻል ተበላሸ ብዬ ወደ ኋላ እመለስ ነበር። እህቷ ሁለተኛውን ቅጂ አይታ ስሟን ጠርታ ነው የሳቀችው። ደንበኛው ግን ያን ጊዜ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥቶት ነበር።

3ኛ. ፊት ያልተገኘባቸውን ፍሬሞች ይቁጠሩ። በመጀመሪያው ልኬቴ ከ240 ፍሬሞች ውስጥ ፊት የተገኘው በ221ዱ ብቻ ነበር፤ ኮዴ 19ኙን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ዘለላቸው። ከፍቼ ሳያቸው፣ እጅ በፊት ፊት ሲያልፍ ቅየራው የተቀደደባቸው ከሁሉ የከፉት ፍሬሞች ነበሩ። መካከለኛው ዋጋ ያማረው እነርሱ ስለጎደሉ ጭምር ነው። አሁን እነዚህን እንደ ወደቁ እቆጥራቸዋለሁ፤ ከመካከለኛው ዋጋ ጎን ለጎንም ከፍተኛውን 10 በመቶ ለብቻው አሳያለሁ፤ ተመልካች የሚይዘን በመጥፎው ፍሬም ነውና።

ስለ ብዥታ አንድ ነገር ልጨምር። በጣም የደበዘዙ ፊቶች የማንም ይሁኑ የማን ኢምቤዲንጋቸው እርስ በርሱ ይቀራረባል። ስለዚህ የባለፊቷን ጥርት ያሉ ፎቶዎች ከተጨመቀ ቪዲዮ ጋር ከማወዳደርዎ በፊት፣ ፎቶዎቹን በዚያው መጠን አሳንሰውና በዚያው ኮዴክ አጭቀው የራሷን ርቀት እንደገና ይለኩ። የእኔ 0.27 እንዲህ ሲደረግ 0.33 ሆኗል፤ ማለትም የመጨረሻው ቅየራዬ 0.38 ከታሰበው በላይ ቅርብ ነበር።

ወደ ጎን የዞሩ ፊቶችን ግን በቁጥር አልዳኝም። ሁለተኛው ዓይን ሊጠፋ ሲቃረብ የራሷ እውነተኛ ፎቶዎች እንኳ እርስ በርሳቸው ከ0.5 በላይ ይራራቁብኛል፤ በዚያ ላይ ቅየራን ከእውነተኛው መለየት አይቻልም። እነዚያን ፍሬሞች ለብቻ አውጥቼ ሰውየውን በቅርብ ለሚያውቁ ሁለት ሰዎች አሳያለሁ፤ በሪፖርቱም ላይ በቁጥሩ ቦታ እነርሱ ያሉትን እጽፋለሁ።