የአያቴ ጺም ሽበት አልነበረም

«የወንድና የሴት አያቶቼ አብረው የተነሱት የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለን፤ ደሴ ስቱዲዮ የተነሱት ነው። በኮምፒውተር ቀለም ልቀባው ሞክሬ ፊታቸው ብርቱካን መሰለ። የቀሚሱን፣ የፀጉሩን፣ የቆዳውን ቀለም በምን ታውቃላችሁ?»

አብሽሪ እህቴ፣ ብርቱካን ያላደረገ የለም። እኔም የአያቶቼን ፎቶ ስሰራ ሁለቱንም ብርቱካን አድርጌያቸው ነበር። ፎቶው ከጀርባው «ጥር 1954» ተብሎ በእርሳስ ተጽፎበታል፣ ደሴ የተነሳ ነው። አያቴ ኩታ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ሴቷ አያቴ ነጠላ ደርባ አጠገቡ ቆማለች፣ ከፊታቸው አጎቴ አለ፣ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ። በዚያ አንድ ፎቶ ላይ ሶስት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስካኑ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ስካን አድርጊው፣ 600 ዲፒአይ ይበቃል። ምክንያቱም የድሮ ወረቀት ቢጫ ይሆናል፣ የሻይ ጠብታ የመሰለ እድፍም ያወጣል። በቀለም ስካን ካደረግሽ በኋላ ፎቶሾፕ ወይም በነጻ ብሮውዘር ላይ የሚሰራው Photopea ውስጥ ቻናሎቹን ማለትም ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ እያቸው። ቢጫ እድፍ በሰማያዊው ቻናል ላይ ጥቁር ሆኖ ይጮሃል፣ በቀዩ ላይ ግን ሊጠፋ ምንም አይቀረው። እኔ ቀዩን ወስጄ እሱን መነሻ አደረግኩት፣ ግማሹ የጽዳት ስራ እዚያው አለቀ። ከዚያ ፋይሉን መልሰሽ `RGB` አድርጊው፣ አለዚያ ቀለም አይቀበልሽም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ግራጫው ቀለሙን አይነግርሽም፣ ግን የማይሆነውን ይነግርሻል። ይሄን ሳላውቅ ነው ስንት ማታ የደከምኩት። R፣ G፣ B የቀለሙ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መጠን ናቸው፤ አንድ ቀለም ወደ ግራጫ ሲቀየር ከ0 ማለትም ከጥቁር እስከ 255 ማለትም እስከ ነጭ ባለው ውስጥ የሚያገኘውን ቁጥር በግምት በዚህ ማስላት ይቻላል፦

```
0.299R + 0.587G + 0.114B
```

ለምሳሌ ጠቆር ያለ ቀይ `#9B2335`፣ ጥቁር አረንጓዴ `#2F5D3A` እና ሰማያዊ `#1F4E9B` ውሰጂ። ሶስቱም ከ73 እስከ 75 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ አንዱን ከሌላው አትለዪውም ማለት ነው። ቢጫው `#F2C230` ግን 192 ነው፣ ሊነጣ የቀረበ።

ይሄ ለቤተሰብ ጭቅጭቅ ይጠቅማል፣ ስቀልድ አይደለም። የሴቷ አያቴ ቀሚስ ምን አይነት ነበር ብዬ ብጠይቅ አጎቴ «ቢጫ ነው፣ እኔ እኮ አጠገቧ ቆሜ ነበር» አለኝ። አክስቴ ደግሞ «አረንጓዴ ነው» ብላ ድርቅ አለች። ፎቶው ላይ ቀሚሱን በጠብታ መሳሪያው ስለካው 74 ነው፣ ከላይ የደረበችው ነጠላ 215። ሁለቱ በአንድ መብራት ስር ናቸው። ስለዚህ ቢጫ ሊሆን አይችልም። አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀይም ይሆናል፣ ሰማያዊም ይሆናል። ፎቶው ከዚህ በላይ አይናገርም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሂሳቡ የሚሰራው ፊልሙ ሁሉንም ቀለም የሚያይ ከሆነ ነው። ከድሮዎቹ ፊልሞችና እንደ ፊልም ያገለግሉ ከነበሩት መስታወቶች ውስጥ ቀይን የማያዩ አሉ፣ ኦርቶክሮማቲክ ይባላሉ። በነሱ ላይ ቀይ ነገር ጥቁር ይሆናል፣ ሰማያዊ ይነጣል፣ ከንፈርና የቆዳ ቀለምም ከእውነቱ በጣም ይጠቁራል። እንዴት ትለዪዋለሽ? ፎቶው ውስጥ ቀለሙን በእርግጠኝነት የምታውቂውን ነገር ፈልጊ። እኔ እድለኛ ነበርኩ፣ አጎቴ ደረቱ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን ሰክቷል። ቢጫው ነጣ ብሎ ወጥቷል፣ አረንጓዴውና ቀዩ ግን ሊቀራረቡ ምንም አልቀራቸውም። ቀዩ ከአረንጓዴው በብዙ ጠቁሮ ቢሆን ኖሮ ሂሳቡን እጥለው ነበር። ባንዲራ ከሌለሽ ከንፈራቸውን እዪ፣ የተቀባ ያህል ከጠቆረ ጠርጥሪ።

ቀሚሱ በመጨረሻ እንዴት እንደታወቀ ልንገርሽ። አክስቴ ለመከራከር ብላ የእናቷን ሳጥን ከፈተች። ቀሚሱ የለም፣ ግን ከሱ ተቀዶ የተሰፋ የትራስ ልብስ ተገኘ። ከውጭ ሲታይ ለቆ አመድማ ሆኗል። ስፌቱን ገልበጥ አድርገን ውስጡን አየነው። እዚያ ፀሀይ ስለማይደርስ ቀለሙ እንዳለ ነው፣ ወይን ጠጅ! በላዩ የተበተኑት ትናንሽ ነጭ አበቦች ከፎቶው ጋር አንድ በአንድ ገጠሙ። በሂሳቡ ብሞክረው `#6E2F5F` 71 ሰጠኝ፣ ከለካሁት ጋር ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም ተረቱ። ያረጀ ጨርቅ ካላችሁ ላዩን አትመኑ፣ ስፌቱን ገልብጡ።

ወደ ፊቱ ልመለስ፣ ብርቱካኑ የሚመጣው እዚህ ነው። ኢንተርኔት ላይ «የቆዳ ቀለም» ተብሎ የሚገኘው ቅንብር ብዙ ጊዜ ለፈረንጅ ፊት የተሰራ ነው። የኛን ቆዳ ላይ ስትጭኚው ብርቱካን ይሆናል። ሌላው ጥፋት ለፊቱ በሙሉ አንድ ቀለም መቀባት ነው፣ ያኔ ሰውየው የሸክላ ምስል ይመስላል።

እኔ ያደረግኩት ይሄ ነው። አክስቴን መልካቸውን ጠየቅኳት። «እናቴ የቀይ ዳማ፣ አባቴ ጠይም» አለች። ፎቶው ላይ ግን አያቴ ከሚስቱ የነጣ ነው የሚመስለው። መብራቱ በሱ በኩል ስለነበር ነው እንጂ እሱ ቀልቶ አይደለም። ስለዚህ የፎቶውን ንጣት እንደ መልክ ማስረጃ አትውሰጂው። ከዚያ አያቴን በመልክ ቁጭ የሚለውን ያጎቴን ልጅ ጠራሁና በረንዳ ጥላ ላይ፣ ነጭ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በስልክ አነሳሁት። ነጠላው ለምን? የስልኩ ካሜራ ቀለሙን ካዛባው ነጩን ነጭ እስኪሆን ድረስ አስተካክለሽ ፊቱንም አብረሽ ታርሚዋለሽ። ከግንባሩ፣ ከጉንጩና ከአገጩ ስር ቀለም ወሰድኩ። መሀከለኛው `#8D5A3C` አካባቢ ሆነ። ግንባሩ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጉንጩ፣ አፍንጫውና ጆሮው ወደ ቀይ፣ ጥላው ደግሞ ጠለቅ ያለ ቀይ ቡናማ ነው።

ቀለሙን በአዲስ ሌየር ላይ ቀቢና የሌየሩን ሞድ `Color` አድርጊው። ይሄ ሞድ ብርሃንና ጨለማውን ከፎቶው ይወስዳል፣ ካንቺ የሚወስደው ቀለሙን ብቻ ነው። ስለዚህ «ጠይም ስለሆነ ጠቆር ያለ ቀለም ልምረጥ» ብትዪ ፊቱ አይጠቁርም። ብርቱካን ከሆነብሽ ሳቹሬሽኑን ማለትም የቀለሙን ጉልበት ቀንሺ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ቀይ ውሰጂው። መብራት የመታው ግንባር ሊነጣ ከቀረበ ግን `Color` ቀለም አይዝለትም፣ አመድ የነፋበት ይመስላል። እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ሌላ ሌየር ከፍተሽ ሞዱን `Multiply` አድርጊና ያንኑ የቆዳ ቀለም በ15 በመቶ ገደማ አልፊበት። የአያቴን ግንባር ያዳነልኝ እሱ ነው። ከንፈርን ሮዝ አታድርጊ፣ ከቆዳው በትንሹ ወደ ቀይ የሄደ ቡናማ ይበቃል። የዓይን ነጭም እንደ ወረቀት አይንጣ።

ፀጉር ብዙ አያስቸግርም። ጥቁር ፀጉር ብለሽ ቡናማ እንዳትቀቢ፣ እንዳለ ግራጫም እንዳትተዪው፣ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ጨለማው ላይ በጣም ትንሽ ሞቅ ያለ ቡናማ፣ ቅቤው የሚያብለጨልጭበት ላይ ደግሞ ትንሽ ቀዝቃዛ ሰማያዊ ስጪው። የሹሩባው መነሻ ላይ የቆዳው ቀለም በፀጉሩ መካከል ማለፍ አለበት፣ ጠርዙን በለስላሳ ብሩሽ ያዢው።

የከበደኝ ጺሙ ነው። የአያቴ ጺም መሀከለኛ ግራጫ ነው፣ 105 አካባቢ። ሽበት ጣል ጣል ያለበት ጺም ነው ብዬ ግራጫ አድርጌ ተውኩት፣ ጨረስኩ ብዬም ለአክስቴ አሳየኋት። ሳቀችብኝ። «አባባ ሽበቱን መቼ አሳይቶ ያውቃል? ሂና ነበር እኮ!» አለች። ተመልሼ ስካኑን አጉልቼ ባየው ነገሩ ግልጽ ነበር። ሽበት የተቀላቀለበት ጺም ላይ ነጭ ክርና ጥቁር ክር ጎን ለጎን ይታያል። የአያቴ ጺም ግን ሁሉም ክር አንድ አይነት ግራጫ ነው፣ ጉንጩ ጋ ሥሩ ላይ ብቻ ነጣ ይላል፣ አዲስ የበቀለው ማለት ነው። ቀይ ቡናማ `#A8562A` ብሞክር 105 ላይ ቁጭ አለ። ሥሩን ነጭ ትቼ ቀሪውን በዚያ ሳልፍበት አክስቴ ዝም ብላ አየችው።

ከዚያ ደግሞ የሴቷን አያቴን እጅ አየችና «እንሶስላዋን የት አደረስከው?» አለችኝ። ጣቶቿ ጫፍ ላይ የነበረውን ጥቁረት የፎቶ እድፍ መስሎኝ አጥፍቼው ነበር! ደግነቱ የመጀመሪያውን ስካን ሳልነካ አስቀምጬዋለሁ፣ ጣቶቹን ከሱ ቆርጬ መለስኳቸው። ስለዚህ ምንም ነገር ከማጽዳትሽ በፊት ለምን እዚያ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ፣ በተለይ እጅ፣ ጥርስና አንገት ላይ ያለውን። አንገት ላይ ድሪ ካለ ወርቅ አድርገሽ አትቸኩዪ፣ ብሩም ይኖራል። ማን እንደወረሰው ጠይቀሽ እሱን እዪው።

ነጠላና ኩታ ላይ ብዙ አትድከሚ። ነጩ ላይ ሊታይ የማይችል ያህል ሞቅታ ጨምሪበት፣ እጥፋቱ ውስጥ ደግሞ ከቀሚሱ ቀለም ትንሽ ጣል አድርጊ፣ ጨርቅ የአጠገቡን ቀለም ይስባል። የጥለቱን ቀለም እኔ የነገረኝ አላገኘሁም፣ ስለዚህ ደብዘዝ አድርጌ ነው የተውኩት። ያልታወቀን ነገር ደማቅ ካደረግሽው ልጆቹ ነገ እውነት ነው ብለው ይይዙታል።

አሳትሜ ከጀርባው በእርሳስ ጻፍኩበት፦ ቀሚስ ከጨርቁ፣ ጺም ከአክስቴ ቃል፣ ቆዳ ከልጅ ልጅ፣ ጥለት ግምት። አንዱን ቅጂ ለአጎቴ ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው፣ ከዛ «ጥሩ ነው፣ ቀሚሱ ግን ቢጫ ነበር» አለኝ።